የቦይለሩ ማስተንፈሻ አፍ ለምን አይደፈንም?

ዓለም ባንክ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ካለ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት እናት ናቸው፤ ላይኛውን ፎቅ አከራይተው ታችኛው ላይ ይኖራሉ። የጠሩኝ ለቦይለር አልነበረም። የእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ፍሌክሲብል ቱቦ በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ፈንድቶ ቤቱን አጥለቅልቆባቸዋል። «ልጄ፣ ጥሩ ዕቃ ግዛልኝ፤ የሚሸጡልን ሁሉ የማይረባ ነው» አሉኝ። ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ሌሊት ሌሊት የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ማንም ሳይነካው ሲንሿሿ ይሰማቸዋል።

ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ ሲነገሩኝ ወደ መታጠቢያው ሳይሆን ቦይለሩ ወዳለበት ክፍል ሄድኩ። ቦይለሩ ወለል ላይ የቆመ፣ 150 ሊትር የሚይዝ፣ 3 ኪሎዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ አለ፤ ውሃ የሚያወጣበት አፉ ግን በግማሽ ኢንች ፕላግ፣ በቴፍሎን ተጠቅልሎ፣ ጥብቅ ብሎ ተደፍኗል። «እትዬ፣ ይሄን ማን ዘጋው?» አልኳቸው። «ይንጠባጠብ ነበር፤ ባለሙያ ጠርቼ አስተካከለልኝ» አሉ። መቼ መንጠባጠብ እንደጀመረ ስጠይቃቸው ሳያመነቱ መለሱ፤ ፓምፑ ከገባ ወዲህ ነው።

ፍሌክሲብሉን የሚያፈነዳው፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ሌሊት የሚያንሿሿው፣ ቀድሞም ቫልቩን ያንጠባጠበው ያው አንድ ነገር ነው።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከቧንቧ የሚመጣው ውሃ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው እንበልና ቦይለሩ ወደ 65 ቢያደርሰው፣ መጠኑ ከመቶ ሁለት እጅ ሊሞላ ጥቂት በሚቀረው ያህል ይጨምራል። በ150 ሊትር ላይ ይህ 2.8 ሊትር ገደማ ነው። ገንዳው ብረት ስለሆነ አይለጠጥም፤ ውሃም አይጨመቅም። ስለዚህ ያ 2.8 ሊትር የሚሄድበት ቦታ ማግኘት አለበት።

ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ቦታ ነበረው። ቤቱ ውሃ የሚያገኘው ጣራው ላይ ካለው ሮቶ ነበር፤ ከሮቶው እስከ ቦይለሩ ያለው ቧንቧ ክፍት ነው። ቦይለሩ ሲሞቅ የሰፋው ውሃ በመጣበት መንገድ ወደ ሮቶው ይገፋል። ማንም አያየውም፤ አንዲት ጠብታም ወለል ላይ አትወርድም። ከዚያ ላይኛው ፎቅ ያሉ ተከራዮች የሻወሩ ውሃ ደከመ ብለው አማረሩ። እውነታቸውን ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ግፊት ነው የሚሰጠው፣ ሮቶው ደግሞ ከላይኛው ሻወር በላይ ያለው 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ውሃው ሲከፈት የሚነሳ ሲዘጋ የሚቆም አውቶማቲክ ያለው ፓምፕ ተገዛ። ፓምፑ የሚቆመው 3 ባር ላይ ነው፤ ከፓምፑ ጋር ደግሞ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቼክ ቫልቭ ገባ። ቼክ ቫልቩ ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ የሰፋው 2.8 ሊትር ወደ ሮቶው የሚመለስበትን መንገድ ግን በዚያው ዘጋው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦይለሩ በሞቀ ቁጥር ግፊቱ ከ3 ባር ተነስቶ ይወጣል። የማስተንፈሻው ቫልቭ የተሠራበት ልክ ላይ ሲደርስ ይከፈትና ትርፉን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የተጠራው ሰው የተበላሸ ቫልቭ አየሁ ብሎ አሰበ። ቫልቩ ግን ደህና ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሥራውን የሚሠራ እሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አፉ ሲደፈን ግፊቱ ሌላ ደካማ ቦታ ፈለገ። መጀመሪያ ያገኘው የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ ተንሳፋፊ ቫልቭ ነው፤ ግፊት ሲበዛበት መያዝ አቅቶት ያሳልፋል። ቀጥሎ ያገኘው ፍሌክሲብሉን ነው። ቤቱ ዕድለኛ ነው የምለው ለዚህ ነው፤ ሌሎቹ ደካማ ቦታዎች ባይኖሩ ኖሮ ተራው የገንዳው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት፤ ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ ይሳሳትበታል። ሱቅ ውስጥ ሁሉም «ሴፍቲ ቫልቭ» ይባላል እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በግፊት ብቻ የሚከፈት ነው፤ እኚህ እናት ቤት የነበረው ይህ ነው። ሁለተኛው በግፊትም በሙቀትም የሚከፈት ነው። መለየቱ ቀላል ነው። ሁለተኛው ከጥርሱ ጫፍ አልፎ የሚወጣ፣ እንደ እርሳስ ቀጭንና ረዘም ያለ ዘንግ አለው። ዘንጉ ውስጥ ሲሞቅ የሚሰፋ ነገር ተሞልቷል። ገንዳው ውስጥ ገብቶ የውሃውን ሙቀት ይለካል፤ ልኩ ሲያልፍ ግፊቱ ምንም ይሁን ምን ቫልቩን ይከፍተዋል።

ሙቀቱን ለብቻ መለካት ያስፈለገው ቴርሞስታቱ ሲበላሽ ለሚመጣው ችግር ነው። ቴርሞስታት ተጣብቆ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ቢያቅተው፣ ከእሱ ጋር ያለው ሁለተኛው የሙቀት ማቋረጫም ባይሠራ፣ 3 ኪሎዋት የሚስብ ቦይለር 65 ዲግሪ የደረሰ 150 ሊትር ውሃን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ 92 ዲግሪ ያደርሰዋል። 92ን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓለም ባንክ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ በዚህ ከፍታ ክዳኑ ክፍት የሆነ ድስት የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ግን ስለታፈነ በ92 አይፈላም። መሞቁን ይቀጥላል፤ 100፣ 120፣ 150 ዲግሪ እያለ ውሃ እንደሆነ ይቆያል። በ7 ባር ግፊት ሥር እስከ 169 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት ይችላል።

በግፊት ብቻ የሚከፈተው ቫልቭ በዚህ ጊዜ ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያንጠባጠበ ግፊቱን በልኩ ይይዛል እንጂ ሙቀቱን አያወርድም። አደጋው የሚመጣው ገንዳው አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ነው። ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ያ 169 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የ92 ዲግሪ ሕግ ላይ ይወድቃል፤ ከሰባት እጅ አንዱ ገደማ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ያ ወደ 19 ኪሎ እንፋሎት ነው፤ በእኛ ከፍታ 40 ሜትር ኩብ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ቦይለሩ ያለበት ክፍል 2 በ2 ሜትር ነው፤ ቁመቱም 2.7፤ ሁሉ ተደምሮ 11 ሜትር ኩብ አይሞላም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1982 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት፣ ስፔንሰር በምትባል ከተማ፣ ስታር በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የውሃ ማሞቂያ ፈንድቶ ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞተዋል። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ነበር፤ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል በትክክል አይሠራም ነበር፤ የማስተንፈሻው ቫልቭም ሙቀት ለኪ ዘንጉ አልነበረውም። ስለዚህ ቫልቭ ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ያን ዘንግ ይሁን።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የቦይለሩን ገንዳ ዙሪያውን ሳየው ከላይኛው ጫፍ አንድ ስንዝር የማይሞላ ዝቅ ብሎ፣ በጎኑ በኩል፣ በነሐስ ፕላግ የተዘጋ ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ቀዳዳ አገኘሁ። ፋብሪካው ዘንግ ላለው ቫልቭ ያዘጋጀው ቦታ ነው፤ ሲገጠም ግን ማንም አልነካውም። ቦታው ከላይኛው 15 ሴንቲሜትር ውስጥ መሆኑ ምክንያት አለው። የሞቀ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ገንዳው ሥር ያለው ውሃ ለብ ብሎ ሳለ አናቱ ላይ ያለው ሊፋጅ ይችላል። ዘንጉ መለካት ያለበት ያን አናቱን ነው።

ቫልቩን ስገዛ ሁለት ቁጥር አነበብኩ። ሁለቱም ቫልቩ ላይ በተንጠለጠለችው ቆርቆሮ ወይም በአካሉ ላይ ተጽፈዋል። አንደኛው ግፊቱ ነው፤ ከገንዳው የመሥሪያ ግፊት መብለጥ የለበትም። የእኚህ እናት ገንዳ ላይ 8 ባር ተጽፏል። ገበያ ላይ ባለ 7 ባርና ባለ 10 ባር አለ፤ ባለ 10ሩ ገንዳው ካለፈበት በኋላ ነው የሚከፈተው፣ ስለዚህ ባለ 7ቱን ወሰድኩ። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። የአውሮፓዎቹ አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ፣ የአሜሪካዎቹ 99 ዲግሪ ላይ ይከፈታሉ። ሁለቱም ገንዳውን ያድናሉ። ለእኛ ከፍታ ግን 90ው ይሻላል ባይ ነኝ። በ90 የሚወጣው ውሃ ከእኛ መፍያ በታች ስለሆነ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ በ99 የሚወጣው ግን አየር እንደነካው ከፊሉ እንፋሎት ሆኖ እየተፋ ነው የሚወጣው። ባሕር ዳርቻ ከተማ ላለ ሰው ይህ ልዩነት የለም፤ እዚህ አለ። ከነዚህ ሌላ ቫልቩ ላይ በኪሎዋት የተጻፈ አቅም አለ፤ ከማሞቂያው ጉልበት መብለጡን ማየት ብቻ ይበቃል፤ ለቤት ቦይለር ሁልጊዜ ይበልጣል።

ሥራው የሚጀምረው ብሬከሩን በማጥፋት ነው። አጥፍቶ ዝም ማለት ግን አይበቃም፤ «እየተሠራ ነው፣ አይነካ» ብዬ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ የቦይለሩ ገመድ በሚገባበት ቦታ ላይም በቴስተር አረጋገጥኩ። ተከራይ ባለበት ቤት አንድ ሰው ሻወር አልሞቀም ብሎ ብሬከሩን ቢያነሳው፣ ከውሃ በላይ የቀረ ማሞቂያ ሽቦ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ቀጥሎ ሙቅ ውሃውን ከፍቼ እስኪበርድ አፈሰስኩት፤ የቀዝቃዛውን መግቢያ ጌት ቫልቭ ዘጋሁ፤ አየር እንዲገባ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ክፍት ትቼ ከገንዳው ሥር ባለው ማፍሰሻ ወደ 30 ሊትር አወጣሁ። ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ማራገፍ አያስፈልግም፤ ውሃው ከቀዳዳው በታች መውረዱ በቂ ነው።

ፕላጉን ፈትቼ የቀዳዳውን ጥርስ በጨርቅ ጠረግኩ። ቴፍሎኑን ቫልቩ በሚጠብቅበት አቅጣጫ አምስት ስድስት ዙር ጠቀለልኩ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ነፃ ትቼዋለሁ። ካልተተወ የቴፍሎኑ ጭራ ወደ ውስጥ ገብቶ ይንሳፈፋል፤ አንድ ቀን የቫልቩ መቀመጫ ላይ ይሰካና ቫልቩ አልዘጋ ይላል። ከዚያ ዘንጉን ሳላጣምም በእጄ አስገብቼ እስከሚሄድ አዞርኩት፤ የመጨረሻውን ብቻ በመፍቻ። መፍቻው የሚያርፈው ባለ ስድስት ጎኑ ላይ ነው እንጂ በቫልቩ አካል ወይም በማንሻዋ ላይ አይደለም። አፉ ወደ ታች እስኪዞር ድረስ ማጥበቅ ነው፤ ካለፈ ወደ ኋላ አይመለስም። ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ ውሃ ያሳልፋል፤ ያለፈበት ሰው ፈትቶ ቴፍሎኑን አንስቶ እንደገና ይጠቅልል።

አንድ ነገር ላይ ምንም ዓይነት ድርድር የለም፤ በገንዳውና በቫልቩ መካከል ምንም አይገባም። ቦታ ጠበበ ተብሎ ኤልቦ ወይም ረዥም ኒፕል ቢገባ ዘንጉ ከገንዳው ውጭ፣ በቆመ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀራል፤ ቫልቩ እንግዲህ ሙቀት የማያውቅ ሆነ ማለት ነው። ጌት ቫልቭ ቢገባማ አንድ ቀን ይዘጋል።

አሁን ማፍሰሻ ቧንቧው። ቫልቩ ራሱ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም፤ ቧንቧው ግን ግማሽ ቀን ወሰደ። መውሰድም አለበት፤ ቫልቩ በእርግጥ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ የፈላ ውሃው የሚሄደው በእሱ በኩል ነውና።

ባለሙያዎቻችን እጃቸው የሚሄደው ወደ ፒፒአር ወይም ወደ ፍሳሽ ፒቪሲ ነው። ፒቪሲ 60 ዲግሪ ካለፈ ይለሰልሳል፤ 90 ዲግሪ ውሃ ሲመጣበት ይጎብጣል፣ ከማያያዣው ይነቀላል። ፒፒአር የተሻለ ቢሆንም ለዘወትር የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ነው፤ የእኛ ቧንቧ ግን የሚያስፈልገው ሁሉም ነገር በተበላሸበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጋልቫናይዝድ ብረት ተጠቀምኩ፤ መዳብ ያለው ሰው መዳብ ቢያደርግ ይበልጥ መልካም። ስፋቱ ከቫልቩ አፍ ጋር እኩል፣ ማለትም ሦስት አራተኛ ኢንች፣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ነው። ግማሽ ኢንች ቤት ውስጥ ተርፎ ነበር፤ እትዬም «ይሄ አይሆንም?» ብለው አምጥተውልኝ ነበር። አይሆንም፤ የጠበበ ቧንቧ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መተንፈስ ያቅተዋል።

ቧንቧው ከቫልቩ እስከ ጫፉ ድረስ ቁልቁል ይሄዳል። ምንም ቦታ ላይ ወደ ላይ አይወጣም፣ ውሃ የሚቋጥር ጉድጓድም አይኖረውም። ውሃ ከተቋጠረ የቫልቩን መቀመጫ እያዛገ ያጣብቀዋል፤ ያኔ ቫልቩ የሚከፈተው መክፈት በሚገባው ግፊት አይሆንም። የቤቱ ክፍል ጠባብ ስለነበረ ከቫልቩ ቀጥ ብዬ ወረድኩ፤ ከወለሉ 40 ሴንቲሜትር ላይ በአንድ ኤልቦ ዞርኩ፤ በየሜትሩ አራት ሴንቲሜትር እያዘቀዘቀ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ቀዳዳ ደረሰ፤ በሌላ ኤልቦ ወደ ታች አየ። ግድግዳው ላይ በሁለት ብረት ማሰሪያ ይዞታል። የፈላ ውሃ በኃይል ሲወጣ ቧንቧው ይመታል፤ ያልታሰረ ቧንቧ ቫልቩን ራሱን ያነቃንቃል። ከቫልቩ ሥር አንድ ዩኒየን አድርጌበታለሁ፤ ነገ ቫልቩ መቀየር ሲያስፈልገው ቧንቧው ሁሉ እንዳይበተን።

ጫፉ ከወለሉ 15 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ከፍሳሽ ቀዳዳው በላይ አየር ላይ ቀርቷል። ወደ ፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ አልተቀበረም። አንደኛው ምክንያት ፍሳሽ ቢደፈን ቆሻሻው ወደ ቦይለሩ መንገድ እንዳያገኝ ነው። ትልቁ ምክንያት ግን መታየት ስላለበት ነው፤ የተቀበረ ቧንቧ ውስጥ የሚፈሰውን ማንም አያይም፤ ቴርሞስታቱ መበላሸቱን የሚነግራችሁ ምልክት ደግሞ እሱ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ከቫልቩ ሥር ክፍት የሆነ ማንቆርቆሪያ መሳይ ማያ እንዲገባ ያስገድዳሉ፤ እኛ ጋ ጫፉን ክፍት አድርጎ ማሳየት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጫፉን ደግሞ በመጋዝ ቆረጥኩት፤ ጥርስ አላወጣሁለትም። ጥርስ ያለው ጫፍ ፕላግ ይጋብዛል። ጥርስ የሌለው ላይ ግን የሚንጠባጠብ ነገር የሚያናድደው ቀጣዩ ሰው ምንም ሊያስር አይችልም። የማፍሰሻ ቧንቧ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቤትም አለ፤ ያን ጊዜ ሰው በሚያልፍበት ወይም ልጆች በሚጫወቱበት ግድግዳ ላይ ሳይሆን ወደ መሬት አጎንብሶ፣ ወደ ቦይ አጠገብ ነው መውጣት ያለበት።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቢቀር አዲሱ ቫልቭም በየማለዳው ይንጠባጠባል፤ ምክንያቱም ቼክ ቫልቩ አሁንም እዚያው ነው። እትዬም እንደገና ሰው ጠርተው ያስደፍኑታል። ስለዚህ የሰፋው 2.8 ሊትር ቦታ ማግኘት አለበት። ቦታው የኤክስፓንሽን ታንክ ነው፤ ውስጡ ጎማ ያለው፣ በአንድ በኩል አየር በሌላው በኩል ውሃ የሚይዝ ትንሽ የብረት ዕቃ። ልኩን ለማወቅ አየሩ 3 ባር ላይ ተሞልቶ ግፊቱ ከ6 ባር እንዳያልፍ ብንፈልግ፣ ታንኩ ከመጠኑ ከመቶ 44 እጁን ብቻ ነው ውሃ የሚቀበለው። 2.8 ሊትር ለመቀበል 6.3 ሊትር የሚሆን ያስፈልጋል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው 8 ሊትር በቂ ነው። የገባው በቀዝቃዛው መስመር ላይ፣ ከጌት ቫልቩ ወዲህ፣ ወደ ቦይለሩ ወገን ነው። አየሩ የሚሞላው ከመገጠሙ በፊት ነው፤ የመኪና ጎማ መንፊያና መለኪያ ይበቃል፤ 3 ባር በጎማ መለኪያ 43 ገደማ ነው። የፓምፑ ግፊት ሌላ የሆነበት ቤት አየሩን ከዚያ ጋር እኩል ያድርግ።

መጨረሻ ላይ ማፍሰሻውን ዘግቼ ቀዝቃዛውን ከፈትኩ፤ ሙቅ ውሃው አየር መትፋቱን አቁሞ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ጠበቅኩ። ከዚያ የቫልቩን ማንሻ ወደ አምስት ሰከንድ ያህል አነሳሁት። ውሃው በቧንቧው ጫፍ ሙሉ ሆኖ መውጣት አለበት፤ ስለቀው ደግሞ ወዲያው መቆም አለበት። ቆመ። ኤሌክትሪኩ የተመለሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጫፉ ሥር ባልዲ አኑሬ እስኪሞቅ ሦስት ሰዓት ያህል ቡና እየጠጣን ቆየን፤ ባልዲው ደረቅ ነበር።

እትዬ ሲሸኙኝ «እንግዲህ ቢንጠባጠብ ምን ላድርግ?» አሉኝ። የነገርኳቸውን እዚህ ልድገመው። ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ብሎ ሞቆ ሲያበቃ የሚያቆም ከሆነ የመስፋት ጉዳይ ነው፤ የኤክስፓንሽን ታንኩ አየሩ አልቋል ማለት ነው፣ ይሞላ። ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው በርዶም ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ቆሻሻ ነው፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ደፍርሶ ይመጣል፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት መቀመጫው ላይ ትቀመጣለች። ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጎ ማጠብ ብዙ ጊዜ ያጠራዋል፤ ካልጠራ ቫልቩ ይቀየር። የሚፋጅ ውሃ በብዛት ወይም እንፋሎት ከወጣ ግን ቴርሞስታቱ ነው። ብሬከሩን ማጥፋት፣ ሙቅ ውሃውን ቧንቧ አለመክፈት፣ ቀዝቃዛውን አለመዝጋት፣ ከክፍሉ ወጥቶ እስኪበርድ መጠበቅ፤ ቫልቩን ማንም እንዳይነካው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 50 ወይም 80 ሊትር ቦይለር ያላችሁ፣ ማለትም ብዙዎቻችሁ፣ «የእኔስ?» ማለታችሁ አይቀርም። አብዛኞቹ ከሥራቸው ሁለት አፍ ብቻ አላቸው፤ አንዱ ቀዝቃዛ መግቢያ፣ ሌላው ሙቅ መውጫ። የሙቀት ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። በመውጫው ቧንቧ ላይ ቲ አስገብቶ ዘንጉን እዚያ መሰካት አይጠቅምም፤ ማንም ሻወር ካልከፈተ እዚያ ያለው ውሃ ቀዝቅዞ ይቆማል፣ ገንዳው ቢፈላም ዘንጉ አያውቅም። ገንዳ መብሳት ደግሞ በጭራሽ አይደረግም። እነዚህ ላይ የሚሠራው ከፋብሪካው አብሮ የመጣው፣ በቀዝቃዛው መግቢያ የሚገጠመው ትንሽ ቫልቭና በውስጡ ያለው የሙቀት ማቋረጫ ነው። ያ ትንሽ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ ውስጡ የራሱ ቼክ ቫልቭ ስላለው ፓምፕ ባይኖርም በየማሞቂያው ይንጠባጠባል። 80 ሊትር በሞቀ ቁጥር አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ያወጣል ብላችሁ ጠብቁ። ከአፉ ላይ ቀጭን ቱቦ አድርጋችሁ፣ ጫፉ ክፍት ሆኖ፣ ቁልቁል ወደ ወለሉ ፍሳሽ ምሩት። ትንሿን ማንሻም በወር አንድ ጊዜ ከፍ አድርጉና ውሃ መውጣቱን እዩ፤ ካልወጣ ቫልቩ ተጣብቋልና ቦይለሩን አጥፍታችሁ አስቀይሩት።